ወንድም ስለ እህቱ ግብር ቢሮ ሲቆም

ሐምሌ ሲገባ በአዲስ አበባ የገቢዎች ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ ሰልፉ ከማለዳ ይጀምራል። የተሰለፈው ሁሉ የራሱን ግብር ሊከፍል የመጣ አይደለም። አንዱ አልጋ ላይ ለዋሉት አባቱ፣ አንዷ ለባሏ ሱቅ፣ ሌላው አሜሪካ ለምትኖር እህቱ የኪራይ ቤት መጥቷል። ተራቸው ደርሶ ሠራተኛው ቲን ቁጥሩን ተቀብሎ ፋይሉን ከከፈተ በኋላ ሁሉም የሚሰሙት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ «ውክልና ይዘዋል?»

ጥያቄው ለብዙዎች ማጉላላት ይመስላቸዋል። «ገንዘብ ልከፍል እንጂ ልቀበል አልመጣሁ» የሚል ሙግት በየዓመቱ ይሰማል። ሠራተኛው ግን ሕግ ይዞታል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ስለ ግብር ከፋዩ ያወቁትን በምስጢር እንዲይዙ ያስገድዳል። ይህ አዋጅ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን ግብር ሰብሳቢዎችም ይመለከታል። እህቱ በዓመት ስንት ብር ኪራይ እንደምታገኝና ስንት ዕዳ እንዳለባት ለወንድም መንገር ለባዕድ ሰው ከመንገር በሕግ ፊት አይለይም። የክፍያ ማዘዣው ከወጣ በኋላ ባንክ ሄዶ ገንዘቡን ማስገባት አይከብድም። ፋይል ማስከፈት፣ ማሳወቂያ መፈረም፣ ከመርማሪ ጋር መከራከርና ክሊራንስ መውሰድ ግን የባለቤቱን ፈቃድ የሚሹ ሥራዎች ናቸው። የጋብቻ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ዝምድናን ያስረዳል እንጂ ይህን ፈቃድ አይተካም።

እዚህ ላይ መልእክተኛና ወኪል መለየት አለባቸው። ባለቤቱ ራሱ የፈረመበትን ደብዳቤ ወስዶ መዝገብ ቤት የሚያስገባ ሰው መልእክተኛ ነው፤ በራሱ ፊርማ የሚያስከትለው ነገር የለም። ወኪሉ ግን በገዛ ፊርማው ሌላውን ሰው ባለዕዳ ሊያደርግ ወይም ከዕዳ ነጻ ሊያወጣ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ጠበቅ ያለ ሰነድ የሚጠይቀው ለሁለተኛው ነው።

ሰነዱ የሚሠራው ደግሞ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ውልና ማስረጃ» እያለ በሚጠራው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው። አዋጅ ቁጥር 922/2008 የውክልና ሥልጣን መስጫም ሆነ መሻሪያ ሰነድ ካልተረጋገጠና ካልተመዘገበ ሕጋዊ ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል። በቤት ውስጥ ተጽፎ ሦስት ምስክር የፈረመበት ወረቀት የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆን መስኮቱ ላይ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ወካዩ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይዞ በአካል ይቀርባል፤ የሰነድ አረጋጋጩ ማንነቱን አይቶ፣ የሰነዱን ይዘት ተረድቶ እንደሆነ ጠይቆ ፊቱ ያስፈርመዋል። ተወካዩ አብሮ መሄድ አያስፈልገውም፤ ስሙ እስከ አያቱ በመታወቂያው ላይ እንዳለው ሆኖ መጻፉ ግን ግድ ነው። መንቀሳቀስ ለማይችል ሕመምተኛ ወይም አዛውንት አረጋጋጩ ቤት ወይም ሆስፒታል ድረስ የሚሄድበት አገልግሎትም አለ። አባታቸውን በወንበር ተሸክመው ደረጃ የሚወጡ ልጆች ይህን ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ዘግይተው ነው።

ማኅተም ያለው ውክልና ይዞ መሄድም ግን ሁልጊዜ አይበቃም። ሠራተኛው ሰነዱን ተቀብሎ በጣቱ መስመር በመስመር ሲከተል የሚፈልገው ማኅተሙን ብቻ አይደለም፤ ለመጡበት ጉዳይ የሚሆነውን ግስ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልናን በሁለት ይከፍላል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። የአስተዳደር ሥራ ማለት ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብና ዕዳ መክፈልን የመሳሰለው መሆኑን ቁጥር 2204 ይዘረዝራል። ከዚያ ያለፈው ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይፈልጋል፤ ቤት መሸጥና ማስያዝ፣ በዕርቅ መጨረስ፣ መክሰስና ለክስ መልስ መስጠት ከዚህ ወገን ናቸው። እንግዲህ «ማንኛውንም ጉዳዬን ይፈጽምልኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለጆሮ ሰፊ ቢመስልም ሥልጣኑ ጠባብ ነው። ግብር ማሳወቅና መክፈል ከአስተዳደር ሥራ ሊቆጠር ይችላል። የግብር ውሳኔን መቃወም፣ ይግባኝ ማለት ወይም ዕዳን አምኖ በስምምነት መጨረስ ግን ስማቸው ተጠርቶ ካልተጻፈ ወኪሉን መሐል መንገድ ላይ ያስቀሩታል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚያመጣ በአንድ ምሳሌ እንየው። ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ሴት አዲስ አበባ፣ ገርጂ አካባቢ ቤት አላት እንበል። ቤቱን ወንድሟ ያከራይላታል፤ ኪራዩን ይሰበስባል፤ ግብሩንም ይከፍላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በላከችው ውክልና ላይ «ቤቴን እንዲያከራይ፣ ኪራይ እንዲሰበስብ፣ ግብር እንዲከፍል፣ ክሊራንስ እንዲያወጣ» ተብሏል። ዘንድሮ መሥሪያ ቤቱ የተመዘገበው ኪራይ ከአካባቢው ዋጋ ያነሰ ነው በማለት ግብሩን እንደገና ያሰላል። ወንድምየው 60,000 ብር ብሎ ያሳወቀው ግብር በውሳኔው 180,000 ብር ይሆናል። የውሳኔ ማስታወቂያውን ኅዳር 3 ቀን ፈርሞ ይቀበላል።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቀን ይቆጠራል። ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ በዚህ ምሳሌ እስከ ኅዳር 24። ቅሬታው የውሳኔውን የትኛውን ክፍል በምን ምክንያት እንደሚቃወም በጽሑፍ መግለጽ አለበት። በተጨማሪም ክርክር ያልተነሣበት ግብር መከፈል አለበት። 60,000ው ስላልተካደ ይከፈላል፤ ሙግቱ በ120,000 ብር ላይ ይሆናል። ወንድምየው ይህን ሁሉ አዘጋጅቶ ሲሄድ ሠራተኛው ውክልናውን ያነብና ይመልስለታል፤ «እንዲከፍል ይላል፤ ቅሬታ እንዲያቀርብ አይልም»።

አዲስ ውክልና ከአሜሪካ ማስመጣት ደግሞ የሁለት ቀን ሥራ አይደለም። ወካይዋ ዋሽንግተን የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በአካል ሄዳ መፈረም ትችላለች። ከኤምባሲው ርቃ የምትኖር ብትሆን ኖሮ ሰነዱ በኖተሪ ፊት ተፈርሞ፣ የኖተሪው ፊርማ በአሜሪካ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ኤምባሲው በፖስታ ይላካል። አዲስ አበባ ሲደርስ ወንድም ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወስዶ የኤምባሲውን ማኅተም ያስረጋግጣል፤ ቀጥሎ ውልና ማስረጃ ያስመዘግባል። ግብር ቢሮ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዱ ደረጃ ቢዘለል የሚቀጥለው አይቀበልም። በዚህ መሐል 21 ቀን ያልቃል።

ቀኑ ከማለቁ በፊት ግን ሁለት መውጫዎች አሉ። አዋጁ ግብር ከፋዩ ከአገር ውጭ በመሆኑ፣ በሕመም ወይም በሌላ በቂ ምክንያት በጊዜው ማቅረብ ካልቻለ ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ ጠይቆ ከ10 ቀን ያልበለጠ ማራዘሚያ እንዲሰጠው ይፈቅዳል፤ በምሳሌያችን እስከ ታኅሣሥ 4 ማለት ነው። ሁለተኛው መውጫ ቀደም ሲል የተነገረው የመልእክተኛና የወኪል ልዩነት ነው። እህት የማራዘሚያ ጥያቄውንም ሆነ ቅሬታውን በራሷ ስም ጽፋና ፈርማ ዋናውን በመንገደኛ ወይም በፈጣን ፖስታ ብትልክ ወንድም የሚያደርገው ማድረስ ብቻ ይሆናል። መዝገብ ቤቱ ቁጥርና ቀን መትቶ ሲቀበል ቅጂውን ይዞ መውጣት አለበት፤ በኋላ «በጊዜው አልቀረበም» የሚል ክርክር ቢነሣ ማስረጃው እሱ ነው።

ቅሬታው ውድቅ ቢደረግ ቀጣዩ ደረጃ የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ነው። እዚያ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ሲባል ክርክር ካለበት ግብር ግማሹ በቅድሚያ ይያዛል፤ ከ120,000 ብሩ 60,000 ማለት ነው። ወንድም ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብሎ ማሰብ ያለበት ያኔ ሳይሆን ውክልናው ሲጻፍ ነው፤ ከኪራዩ ላይ ማስያዣ እንዲከፍል ካልተፈቀደለት በእጁ ያለው ብር የእህቱ እንጂ እንደፈቀደ የሚያዝዝበት አይደለም።

ታዲያ ደኅና ውክልና ምን ይመስላል? ጽሕፈት ቤቶች የሚሸጡት የተዘጋጀ ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ ለቤት ሽያጭ የተሰናዳ ስለሆነ ስለ ግብር የሚለው አንድ መስመር ነው። ለምሳሌያችን ሴት የሚሆነው የሰነዱ ዋና አካል እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

«በስሜ ከተመዘገበው ቤት የማገኘውን የኪራይ ገቢ በሚመለከት ወኪሌ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ገቢዎች ቢሮና በቅርንጫፎቹ፣ እንዲሁም በገቢዎች ሚኒስቴር ቀርቦ የግብር ማሳወቂያዬን ፈርሞ እንዲያቀርብ፣ ስለ ግብሬ መረጃ እንዲጠይቅና እንዲወስድ፣ ግብርና ቅጣት እንዲከፍል፣ ደረሰኝና ክሊራንስ እንዲቀበል፣ የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ፈርሞ እንዲረከብ፣ ለኦዲት የሚጠየቁ ሰነዶችን እንዲያቀርብና ማብራሪያ እንዲሰጥ፣ በውሳኔ ላይ የጊዜ ማራዘሚያ እንዲጠይቅና ቅሬታ እንዲያቀርብ፣ በታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ እንዲልና ማስያዣ ከኪራይ ገቢዬ እንዲከፍል፣ በስሜ ጠበቃ እንዲወክል ሙሉ ሥልጣን ሰጥቼዋለሁ። ከጽሑፍ ፈቃዴ ውጭ ግን የተጨማሪ ግብር ዕዳን አምኖ በስምምነት እንዲጨርስ ሥልጣን አልሰጠሁትም።»

ጽሑፉ ረዝሟል፤ ጥቅሙም ከርዝመቱ ነው። ከሁሉ በፊት «ፈርሞ እንዲረከብ» የሚለው ሐረግ በሁለት በኩል እንደሚቆርጥ ወካይ ማወቅ አለባት። ወኪሉ ማስታወቂያውን በፈረመበት ቀን 21 ቀኑ በእሷ ላይ መቆጠር ይጀምራል፤ እሷ ሰማችም አልሰማችም። ስለዚህ ይህን ሥልጣን የሚሰጡት ስልክ ለሚያነሣና ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ለማያስቀምጥ ሰው ነው። የውክልናው ባለቤት የግብር ዕዳውም ባለቤት መሆኗ አይቀርም፤ ማሳወቂያው ቢዘገይ 5 ከመቶ እየተጨመረ እስከ 25 ከመቶ የሚደርሰው ቅጣት የሚጻፈው በእሷ ቲን ቁጥር ላይ ነው። ጠበቃን የሚመለከተው ሐረግ ደግሞ የሚያስፈልገው ወኪል ሥራውን ራሱ መሥራት ስላለበት ነው፤ ካልተፈቀደለት በቀር በራሱ ቦታ ሌላ ሰው አይተካም።

ሌላው ሰነድ የሚያስመልስ ነገር ስም ነው። የቤቱ ካርታና የቲን ምዝገባው ላይ የሴትዮዋ ስም፣ የአባቷና የአያቷ ስም አለ። የአሜሪካ ፓስፖርቷ ላይ ግን የባሏ ስም ተቀጥሎ ወይም የአያቷ ስም ወድቆ ይሆናል። ለእሷ ያው አንድ ሰው ናት፤ መስኮቱ ለተቀመጠው ሠራተኛ ግን ሁለት ናቸው። ስሙ በጋብቻ ወይም በዜግነት ለውጥ የተቀየረበት ማስረጃ ከውክልናው ጋር ተያይዞ ቢመጣ፣ በሰነዱም ላይ ቀድሞ በምን ስም ትጠራ እንደነበር ቢጻፍ የብዙ ሳምንት ምልልስ ይቀራል። የኢትዮጵያ ተወላጅነት መታወቂያ ያላቸውም እሱን ማያያዝ አለባቸው።

ወንድምየውስ ምን ያተርፋል ወይም ይከስራል? ብዙ ዘመዶች ውክልናን እንደ ውለታ ብቻ ያዩታል። አዋጁ ግን ለሌላ ሰው በኢትዮጵያ ውስጥ ገንዘብ የሚቀበልና የሚከፍልን ሰው «የታክስ እንደራሴ» ብሎ የራሱን ግዴታ ይሰጠዋል። ያልተከፈለ ግብር እያለ፣ ግብሩ ሊከፈልበት ይችል የነበረውን በእጁ የገባ ገንዘብ ለሌላ ነገር ያዋለ እንደራሴ ለዕዳው በግሉ ተጠያቂ ይሆናል። ኪራዩን ሰብስቦ እህቱ ባለችው መሠረት ለእናታቸው ሕክምና ወይም ለቤቱ ጣሪያ ያዋለ ወንድም ምንም ሳይሰርቅ ባለዕዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከየወሩ ኪራይ የግብሩን ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥና ይህንንም ከእህቱ ጋር በጽሑፍ መስማማት ለራሱ ይጠቅመዋል።

የሒሳብ ባለሙያ ሲሆን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የድርጅት ተቀጣሪ የሆነ ሒሳብ ሠራተኛ የወሩን የቫት ማሳወቂያና ደረሰኝ ይዞ ሲመላለስ በተለመደው አሠራር ሥራ አስኪያጁ የፈረመበት፣ ማኅተም ያረፈበት የድርጅቱ ደብዳቤ ያስተናግደዋል፤ ደብዳቤው ስሙን፣ የሥራ መደቡን፣ የድርጅቱን ቲን ቁጥርና የመጣበትን ጉዳይ ይጠቅሳል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ በሕግ የድርጅቱ እንደራሴ ስለሆነ ሠራተኛው ከመልእክተኛ ብዙም አይርቅም። ኦዲት ላይ ተቀምጦ ድርጅቱን የሚያስገድድ ቃል የሚሰጥ ከሆነ ግን ውልና ማስረጃ የጸደቀ ውክልና ይጠየቃል። ይህን ውክልና ለመስጠትም ሥራ አስኪያጁ ከመታወቂያው ሌላ የንግድ ምዝገባውን፣ የታደሰ ንግድ ፈቃዱን፣ የመመሥረቻ ጽሑፉንና ሌላ ሰው የመወከል ሥልጣን እንዳለው የሚያሳየውን ሰነድ ይዞ ይቀርባል።

በክፍያ ለብዙ ደንበኞች የሚሠራ ባለሙያ ግን ውክልና ብቻውን አይበቃውም። አዋጁ ለሌላ ሰው የግብር ማሳወቂያ ማዘጋጀትን፣ ቅሬታ መጻፍንና በመሥሪያ ቤቱ ፊት መወከልን በክፍያ የሚሠራው ፈቃድ የተሰጠው የታክስ ወኪል ብቻ እንዲሆን ያዝዛል፤ በሙያው ሥራ ላይ ያለ ጠበቃ ቅሬታና ይግባኝ ሲያዘጋጅ ይህ ገደብ አይነካውም። ፈቃዱን የሚሰጠው ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ነው። የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ለኦዲተር የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ የተለየ ወረቀት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ደንበኛው «የትኛው ፈቃድ ነው ያለህ?» ብሎ መጠየቁ ነውር የለውም። ፈቃድ ያለው ወኪል ያዘጋጀውን ማሳወቂያ መዝገቦቹን መርምሮ ትክክል ስለመሆኑ በጽሑፍ የማረጋገጥ ግዴታ አለበት፤ ለማረጋገጥ ፈቃደኛ ካልሆነም ምክንያቱን ለደንበኛው በጽሑፍ ይሰጣል። ይህን ወረቀት ሰጥቶ የማያውቅ «ወኪል» ያለው ነጋዴ ጉዳዩን ቢያጣራ ይሻለዋል። ጉዳዩ ከኮሚሽኑ አልፎ ፍርድ ቤት ሲገባ ደግሞ የሒሳብ ባለሙያው ጠበቃ ካልሆነ ውክልና ቢኖረውም በክርክሩ መቆም አይችልም።

ውክልና እንዴት እንደሚያበቃም መታወቅ አለበት። ወካይ በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ መሻሪያውም እንደ መስጫው ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ነገር ግን ቅርንጫፉ መሻሩን በራሱ አያውቅም። የመሻሪያው ቅጂ ደብዳቤ ተያይዞበት ፋይሉ ውስጥ እስኪገባ ድረስ የቀድሞው ወኪል ዋናውን ሰነድ ይዞ ሊስተናገድ ይችላል፤ ስለዚህ ሰነዱንም ማስመለስ ያስፈልጋል። በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚያሳውቅ ግብር ከፋይ ደግሞ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ፣ የማረጋገጫ መልእክቱም በማን ስልክ እንደሚገባ አይቶ በዚያው ቀን መቀየር አለበት። ከሥራ የለቀቀ ሒሳብ ሠራተኛ ስልክ ላይ የድርጅቱ መልእክት መድረሱን መቀጠሉ እንግዳ ነገር አይደለም።

ወካዩ ሲሞት ወይም አእምሮው ታውኮ በፍርድ ሲከለከል ደግሞ ውክልናው ይቆማል። ልጆች የሟች አባታቸውን ውክልና ይዘው የዓመቱን ግብር ለማሳወቅ የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ በቅንነት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሞቱን ሲያውቅ ግን ሰነዱን አይቀበልም፤ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃል። ወራሾቹ ብዙ ከሆኑና አንዱ ስለ ሁሉም እንዲቀርብ ከተፈለገ፣ ሌሎቹ በየስማቸው አዲስ ውክልና ይሰጡታል።